ሪፖርቱ ያላየው ታኅሣሥ

መርካቶ፣ ፒያሳና ቦሌ ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለ እንበል። የሂሳብ ሠራተኛዋ የበጀት ዓመቱ ከተጀመረበት ከሐምሌ ወር አንስቶ ሽያጩን በኤክሴል ትመዘግባለች። መዝገቡ ስድስት ዓምዶች አሉት፦ ወር፣ ቅርንጫፍ፣ የዕቃ ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ እና ጠቅላላ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ 240 ሽያጮች ገብተዋል። የመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹ ርዕስ ስለሆነ መዝገቡ የሚያልቀው ረድፍ 241 ላይ ነው።

ኅዳር ሲዘጋ ሠራተኛዋ ከዚህ መዝገብ ላይ አንድ ፒቮት ቻርት ሠራች። ቻርቱ ሦስት ምሰሶዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ። መርካቶ 214,300 ብር፣ ፒያሳ 152,800 ብር፣ ቦሌ 119,400 ብር፤ በድምሩ 486,500 ብር። ሥራ አስኪያጁ ወደደው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የሚያየው እሱን ነው።

ታኅሣሥም አለቀ። 38 አዳዲስ ሽያጮች ከመዝገቡ ሥር ተጨመሩ፤ መዝገቡ ረድፍ 279 ደረሰ። ሠራተኛዋ ቻርቱ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋ Refresh Data የሚለውን መረጠች። ምንም የስሕተት መልእክት አልመጣም። ቻርቱም ታትሞ ለሥራ አስኪያጁ ቀረበ። ነገር ግን መርካቶ አሁንም 214,300 ነው፤ ቦሌም አሁንም 119,400 ነው። ታኅሣሥ በሪፖርቱ ውስጥ የለም።

የቻርቱ ምሰሶዎች በየወሩ የተከፋፈሉ ቢሆኑ ኖሮ ታኅሣሥ መጉደሉን ማንም ባየው ነበር። ይሄኛው ግን የሚያሳየው ቅርንጫፎችን ነው፤ ሦስቱም ምሰሶዎች በየቦታቸው ቆመዋል። የጎደለው ገንዘብ እንጂ ምሰሶ አይደለም። ስለዚህ ጉድለቱ ለዓይን አይታይም። በታኅሣሥ መርካቶ 21,400፣ ፒያሳ 18,900፣ ቦሌ ደግሞ 36,400 ብር ሸጠዋል። ከሦስቱ በጣም የሸጠው ቦሌ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ቦሌን ከፒያሳ በ33,400 ብር ዝቅ ብሎ አየውና ወደዚያ የሚላከውን ዕቃ ለመቀነስ አሰበ። ልዩነቱ በእርግጥ 15,900 ብር ብቻ ነው፤ እየጠበበም ነው። ይህን ርዕስ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው፦ ስሕተት መሆኑን የማይናገር ስሕተት ወደ ውሳኔ ይገባል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ፒቮት ቻርት ከየት እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ፒቮት ቻርት ከመዝገቡ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ከጀርባው ሁልጊዜ አንድ ፒቮት ቴብል አለ፤ ቻርቱ የሚስለው ያንን ነው። ፒቮት ቴብሉም ቢሆን መዝገቡን በየደቂቃው አያነብም። ሲሠራ የመዝገቡን አንድ ቅጂ ወስዶ በፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ድምሩንም የሚሠራው ከዚያ ቅጂ ላይ ነው። ሰነድ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ዋናውን መልሶ መደርደሪያ ላይ እንደማስቀመጥ ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ላይ የሚጻፈው ነገር ኮፒው ላይ አይገኝም።

Refresh ማለት ቅጂውን እንደገና አንሣ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። Refresh ቅጂውን እንደገና የሚያነሣው መጀመሪያ ከተነገረው አድራሻ ላይ ነው። የኛ ሠራተኛ ቻርቱን ስትሠራ ኤክሴል የያዘው አድራሻ ይህ ነበር፦

```
Sheet1!$A$1:$F$241
```

የዶላሩ ምልክት የሚያመለክተው አድራሻው የማይነቃነቅ መሆኑን ነው። ከA1 እስከ F241፤ ከዚያ አያልፍም። ከረድፍ 242 ጀምሮ የተጻፈው የታኅሣሥ ሽያጭ ከአጥሩ ውጭ ነው። ሠራተኛዋ Refresh ስትል ኤክሴል በታማኝነት ያንኑ 240 ሽያጭ እንደገና አንብቦ ያንኑ ውጤት ሰጣት። ከእሱ በኩል የተሳሳተ ነገር የለም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ከአጥሩ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቁጥር ብታርም ኖሮ፣ ለምሳሌ የጥቅምትን አንድ ሽያጭ ብታስተካክል፣ Refresh ሲባል ቻርቱ ይለወጥ ነበር። ይህ ደግሞ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል፤ ሰው «Refresh ይሠራል» ብሎ አምኖ ይቀመጣል።

ችግሩ ይህ መሆኑን በሁለት መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። አንደኛው አድራሻውን በዓይን ማየት ነው። ፒቮት ቴብሉ ውስጥ አንድ ሴል ላይ ክሊክ ያድርጉ፤ ከላይ PivotTable Analyze የሚል ትር ይመጣል። በቆዩት የኤክሴል ቅጂዎች Analyze ብቻ ወይም Options ተብሎ ይገኛል። እዚያ ውስጥ Change Data Source የሚለውን ሲጫኑ ኤክሴል ወደ መዝገቡ ሺት ይወስድዎታል፤ የሚያነበውንም ቦታ በሚንቀሳቀስ የነጠብጣብ መስመር ከብቦ ያሳይዎታል። ወደ ታች ይውረዱና መስመሩ የት ላይ እንደተዘጋ ይመልከቱ። በኛ ምሳሌ መስመሩ ከረድፍ 241 ሥር ይዘጋል፤ 38ቱ የታኅሣሥ ረድፎች ከመስመሩ በታች ቀርተዋል። አንድ ጊዜ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ፒቮት ሌላ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልገውም።

ሁለተኛውን መንገድ እኔ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ፒቮቱ የያዘውን ቅጂ ራሱን አውጥቶ ስለሚያሳይ። በፒቮት ቴብሉ መጨረሻ ላይ Grand Total የሚለው ረድፍ አለ። እዚያ ያለው ድምር ላይ፣ ማለትም 486,500 ላይ፣ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ክሊክ ያድርጉ። ኤክሴል አዲስ ሺት ከፍቶ ያንን ድምር የሠራባቸውን ረድፎች አንድ በአንድ ይዘረግፋቸዋል። በአዲሱ ሺት ላይ ወር ከሚለው ርዕስ ጎን ያለችውን ቀስት ይጫኑ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ተዘርዝረዋል፤ ታኅሣሥ የለም። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ሺቱን አይተው ሲጨርሱ ያጥፉት፤ ሌላውን ነገር አይነካም።

ችግሩ ከታወቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ በዚያው Change Data Source መስኮት ውስጥ 241ን ወደ 279 መለወጥ ነው። ቻርቱ ወዲያው ይስተካከላል። ግን የሚስተካከለው ለታኅሣሥ ብቻ ነው፤ ጥር ሲመጣ ያው ችግር ይመለሳል። በየወሩ መጨረሻ አንድ ቁጥር መለወጥን በማስታወስ ላይ የቆመ ሪፖርት፣ የማስታወስ ኃላፊነት ያለበት ሰው ፈቃድ የወጣ ወር ይወድቃል።

ሌሎች ደግሞ ከረድፍ ቁጥር ለመገላገል ሲሉ ሙሉ ዓምዶችን ይመርጣሉ፤ አድራሻው ከA እስከ F፣ እስከ ሺቱ መጨረሻ ይሆናል። ይህ አዲሶቹን ረድፎች ያስገባል፤ ነገር ግን ባዶዎቹንም አብሮ ያስገባል። የአንድ ኤክሴል ሺት ረድፎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከቅርንጫፎቹ ጎን (blank) የሚል አራተኛ ነገር ይበቅላል። በብዙ የኤክሴል ቅጂዎችም ባዶ ሴል ያለበትን ዓምድ ወደ ፒቮቱ ሲያመጡት በመደመር ፈንታ ይቆጥራል፤ Sum of ጠቅላላ መሆን የነበረበት Count of ጠቅላላ ይሆናል። መዝገቡ ከፈረንጅ አቆጣጠር ቀን ጋር ከሆነም ቀኖቹን በወር መመደብ ያስቸግራል። አንድ ችግር ሸሽቶ ሦስት ማምጣት ስለሆነ አልመክረውም።

ትክክለኛው መፍትሔ አድራሻውን በስም መተካት ነው። ኤክሴል ከ2007 ቅጂው ጀምሮ ቴብል የሚባል ነገር አለው። ቴብል ማለት ረድፎቹን ቀለም መቀባት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ መስመር የተሰመረበት ማንኛውም ዝርዝርም ቴብል ይመስላቸዋል። በኤክሴል ዘንድ ግን ቴብል የራሱ ስም፣ የራሱ መጀመሪያና የራሱ መጨረሻ ያለው አንድ አካል ነው። ከሥሩ አዲስ ረድፍ ሲጻፍ መጨረሻው አብሮ ይወርዳል። ፒቮቱ «ከA1 እስከ F241 አንብብ» ከመባል ይልቅ «ሽያጭ የሚባለውን ቴብል አንብብ» ከተባለ፣ ቴብሉ በዚያ ሰዓት ያለውን ርዝመት ሁሉ ያነባል፤ 240ም ይሁን 278 ወይም ሦስት ሺህ።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ከሁሉ በፊት መዝገቡ ንጹሕ መሆን አለበት፤ በየመሥሪያ ቤቱ የማያቸው መዝገቦች የሚሰናከሉት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። በየወሩ መጨረሻ «የኅዳር ድምር» ብሎ በመዝገቡ መሐል አንድ ረድፍ የማስገባት ልማድ አለ። ያ ረድፍ መውጣት አለበት፤ ፒቮቱ እንደ አንድ ተጨማሪ ሽያጭ ስለሚቆጥረው ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይደመራል። በወርና በወር መካከል ለዓይን እንዲያምር የሚተው ባዶ ረድፍም መጥፋት አለበት። የዓምዶቹ ርዕስ በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ ይሁን፤ የተዋሐዱ ሴሎች አይኑሩበት። ከላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ከተጻፈ ከእሱና ከርዕሱ ረድፍ መካከል አንድ ባዶ ረድፍ ይተው።

ከዚያ በመዝገቡ ውስጥ አንድ ሴል ላይ ክሊክ አድርገው Ctrl ከT ጋር ይጫኑ። Create Table የሚል ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ኤክሴል የገመተውንም ክልል ያሳያል። በኛ ምሳሌ $A$1:$F$279 ማለት አለበት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የመጨረሻው ቁጥር 279 ሳይሆን ለምሳሌ 130 ከሆነ፣ ረድፍ 131 ላይ ያላዩት ባዶ ረድፍ አለ ማለት ነው፤ ኤክሴል እዚያ ሲደርስ መዝገቡ ያለቀ መስሎታል። መስኮቱን ዘግተው ባዶውን ረድፍ ያጥፉና እንደገና ይጀምሩ። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ My table has headers የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጠው OK ይበሉ።

አሁን ከላይ Table Design የሚል ትር ይታያል። በስተግራ ጥግ Table Name በሚለው ሥር Table1 ተብሎ የተሰጠ ስም አለ። እሱን አጥፍተው ትርጉም ያለው ስም ይስጡት። እኔ Shiyach ብዬዋለሁ፤ ስሙን በኋላ በቀመር ውስጥ ስለምንጽፈው የቁልፍ ሰሌዳውን በየጊዜው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ላለመቀያየር ይረዳል። በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ አይፈቀድም። የዓምዶቹ ርዕሶች ግን በአማርኛ ቢቀሩ ምንም ችግር የለውም።

አንድ እርምጃ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። መዝገቡን ቴብል ማድረግ ብቻውን አሮጌውን ፒቮት ወደ ስሙ ያዞረዋል ብሎ መተማመን አይገባም፤ አሮጌውን አድራሻ እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወደ ፒቮት ቴብሉ ይሂዱ፤ Change Data Source ይክፈቱ፤ Table/Range በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን የዶላር አድራሻ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው Shiyach ብለው ይጻፉና OK ይበሉ። በሳጥኑ ውስጥ ስም እንጂ የዶላር ምልክት ያለበት አድራሻ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ከአንድ መዝገብ ላይ ሦስት አራት ፒቮቶች ሠርተው ከሆነም ይህን በእያንዳንዳቸው ላይ ይድገሙት፤ አንዱን ማስተካከል ሌሎቹን አያስተካክልም።

OK ባሉበት ቅጽበት ምሰሶዎቹ ይነሣሉ። መርካቶ 235,700፣ ፒያሳ 171,700፣ ቦሌ 155,800፤ በድምሩ 563,200 ብር። ከቀድሞው ድምር ጋር ያለው ልዩነት 76,700 ብር ነው። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማየት ከፈለጉ በመዝገቡ ላይ ከF242 እስከ F279 ያሉትን ሴሎች ይምረጡና ከመስኮቱ ግርጌ Sum ከሚለው ጎን ያለውን ይመልከቱ፤ 76,700 ይላል። ሪፖርቱ ያላየው ታኅሣሥ ይኸው ነው።

ከእንግዲህ የጥር ሽያጭ ሲመጣ ሠራተኛዋ ረድፍ 280 ላይ ጥር ብላ ጽፋ ኢንተር ስትጫን ቴብሉ ያንን ረድፍ ይወስደዋል። ቀለሙ ወደ አዲሱ ረድፍ ሲወርድ ታየዋለች፤ በቴብሉ የታችኛው ቀኝ ጥግ ያለችው ትንሽ ማዕዘንም አብራ ትወርዳለች። በተጨማሪ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ጠቅላላ የሚለው ዓምድ ብዛትን በአንዱ ዋጋ የሚያባዛ ቀመር ካለው፣ ቀመሩ ወደ አዲሱ ረድፍ በራሱ ይገባል። ቀመሩን ወደ ታች መጎተት የተረሳበት ረድፍ ጠቅላላው ባዶ ስለሚሆን በፒቮቱ ላይ ዜሮ ብር ሆኖ ይቆጠራል፤ ቴብል ይህንንም በር ይዘጋል። ቀመሩ በቴብል ውስጥ ይህን ይመስላል፤ ሴሎቹን በማውስ ሲመርጡ ኤክሴል ራሱ ይጽፈዋል፦

```
=[@ብዛት]*[@[የአንዱ ዋጋ]]
```

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በራሱ የሚያድገው ቴብሉ ነው እንጂ ቻርቱ አይደለም። ፒቮቱ አሁን ትክክለኛውን ቦታ ያውቃል፤ ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ አዲስ ቅጂ የሚያነሣው Refresh ሲባል ነው። Data በሚለው ትር ውስጥ ያለው Refresh All፣ ወይም Ctrl፣ Alt እና F5 አንድ ላይ፣ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ፒቮቶች ሁሉ ያድሳል። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር እንዲታደስ ከፈለጉ ፒቮቱ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርገው PivotTable Options ውስጥ ይግቡ፤ Data በሚለው ትር ሥር Refresh data when opening the file የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ራሱ የሚከፍት ከሆነ ይህ ምልክት በጣም ጠቃሚ ነው። ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ የተጻፈውን ግን አያመጣም፤ ለእሱ በእጅ Refresh ማለት የግድ ነው።

ቴብሉ ራሱ ማደግ እምቢ የሚልባቸው ጊዜያትም አሉ። በጣም የተለመደው አንድ ረድፍ ዘሎ መጻፍ ነው፤ ረድፍ 280ን ባዶ ትተው 281 ላይ ከጻፉ ቴብሉ አይከተልዎትም። አዲሱ ጽሑፍ የቴብሉን ቀለም ካልያዘ ከቴብሉ ውጭ ነው ማለት ነው፤ ቀለም እዚህ ላይ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ምስክርም ነው። በቴብሉ መጨረሻ የድምር ረድፍ እንዲታይ አድርገው ከሆነም ከድምሩ ሥር የሚጻፈው አይገባም፤ ያኔ ከድምሩ በላይ ባለው የመጨረሻ ሴል ላይ ሆነው Tab ሲጫኑ አዲስ ረድፍ ይከፈታል። ሺቱ በይለፍ ቃል ከተቆለፈም ቴብሉ አያድግም። በቢሮዎች መዝገብ መቆለፍ የተለመደ ስለሆነ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡን ክፍት መተው ይሻላል።

ሌላም አለ። ቴብሉ ሲያድግ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች። አንዳንዱ ምን እንደሆነች ለማየት ይጫናትና ከዝርዝሩ ውስጥ Stop Automatically Expanding Tables የሚለውን ይመርጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቴብሎች በራሳቸው ማደግ ያቆማሉ፤ ሰውየውም ምን እንደነካ አያስታውስም። መመለሻው ሩቅ ቦታ ነው፦ File፣ ከዚያ Options፣ ከዚያ Proofing፣ ከዚያ AutoCorrect Options። በሚከፈተው መስኮት AutoFormat As You Type በሚለው ትር ሥር Include new rows and columns in table የሚለው ላይ ምልክቱን ይመልሱ። ከውጭ የቀሩት ረድፎች ግን በዚህ ብቻ አይገቡም፤ በቴብሉ ጥግ ያለችውን ማዕዘን ይዘው እስከ መጨረሻው ረድፍ ወደ ታች ይጎትቷት።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ Refresh ተብሎም አዲሱ ነገር ካልታየ ማጣሪያውን ይጠርጥሩ። መደብሩ በጥር ወር አራተኛ ቅርንጫፍ መገናኛ ላይ ከፈተ እንበል። በፒቮቱ ላይ ቀደም ሲል ከቅርንጫፎቹ ዝርዝር ውስጥ በእጅ እየመረጡ የተወሰኑትን ብቻ እንዲያሳይ አድርገው ከነበረ መገናኛ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ምልክት ሳይደረግበት ስለሚገባ ቻርቱ ላይ አይወጣም። ማጣሪያውን ከፍተው መምረጥ ይቻላል። ለዘለቄታው ደግሞ በቅርንጫፉ ስም ላይ በቀኝ ክሊክ Field Settings ውስጥ ገብተው Include new items in manual filter የሚለውን ምልክት ያድርጉበት።

አሁን በአማርኛ ለምንመዘግብ ሰዎች ልዩ ወደሆነው ችግር ልምጣ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኤክሴል መማሪያ ይህን አይነግርዎትም። ረድፎቹ ገብተው፣ ድምሩም ትክክል ሆኖ፣ ምሰሶው ግን ያላደገበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የፊደል ምርጫ ነው። አንዱ ታኅሣሥ ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ታህሳስ ይላል። ኅዳር፣ ህዳር እና ሕዳር ለኛ አንድ ወር ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ሦስት ምሰሶም ይሆናሉ። የዕቃ ዓይነትም እንዲሁ ነው፤ ጽሕፈት እና ፅህፈት በፒቮቱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናሉ። የዓመቱ መዝገብ በሁለት ሰዎች እጅ ካለፈ ይህ መድረሱ አይቀርም። ይህን ለመከላከል አጻጻፉን ለማንም ምርጫ አለመተው ነው። ትክክለኛዎቹን ስሞች በሌላ ሺት ላይ ይዘርዝሩ፤ ከዚያ በቴብሉ ውስጥ ያለውን የወሩን ዓምድ መርጠው Data ከሚለው ትር ውስጥ Data Validation ይክፈቱ፤ Allow በሚለው ሥር List የሚለውን መርጠው ዝርዝሩን ያመልክቱ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ወሩን ይመርጣል እንጂ አይጽፍም፤ ቴብሉ ሲያድግም ይህ ደንብ ወደ አዲሶቹ ረድፎች ይከተላል።

በመጨረሻ ሪፖርቱ ራሱን የሚፈትሽበት አንድ ሴል እንዲኖረው አጥብቄ እመክራለሁ። ከቻርቱ አጠገብ፣ ሰው በሚያየው ቦታ፣ ከመዝገቡ ድምር የፒቮቱን ድምር የሚቀንስ ቀመር ይጻፉ። ፒቮት ቴብሉ በሪፖርቱ ሺት ላይ ከA3 የሚጀምር ከሆነ ቀመሩ እንዲህ ነው፦

```
=SUM(Shiyach[ጠቅላላ])-GETPIVOTDATA("ጠቅላላ",$A$3)
```

ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ቻርቱ በቴብሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዟል። ዜሮ ካልሆነ ወይ Refresh አልተባለም፣ ወይ ማጣሪያ የደበቀው ነገር አለ። በዚያ ታኅሣሥ ይህ ሴል ቢኖርና መዝገቡም ቴብል ቢሆን ኖሮ ሠራተኛዋ Refresh ሳትል በፊት 76,700 ብሎ ይጮህ ነበር። የፊደል ልዩነትን ግን ይህ ሴል አያገኘውም፤ ድምሩን ስለማይለውጠው። ለእሱ የምሰሶዎቹን ስም በዓይን ማንበብ ነው።

በየወሩ ከኤክሴል ሪፖርት የምታወጡ የሂሳብ፣ የግዢና የመጋዘን ሠራተኞች፣ ዛሬውኑ አንዱን ፒቮታችሁን ከፍታችሁ Change Data Source ውስጥ ምን እንደተጻፈ ተመልከቱ። የዶላር ምልክት ያለበት አድራሻ ካገኛችሁ፣ የሚቀጥለው ወር ሳይገባ መዝገቡን ቴብል አድርጉት።